«በ12 እናደርሳለን»

አክስቴ ሱሉልታ ውስጥ ዶሮ ያረባሉ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ሲወረድ፣ ከአስፋልቱ በባጃጅ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ግቢያቸው። የሚይዙት የእንቁላል ዶሮ ነው። ቤቱን፣ መኖውንና ውሃውን የሚከታተሉት እሳቸውና ጋሼ ናቸው። ጋሼ ለዓመታት አብረዋቸው የሠሩ ሰው ናቸው። የእኔ ድርሻ ወረቀቱ ነው። ጫጩት የማዝዘው፣ ስለ መኖ የምጻጻፈው፣ ክፍያ የምልከው እኔ ነኝ። አብዛኛውን በኢሜይል እጨርሳለሁ። በስልክ ያለቀ ነገር በኋላ «እንደዛ አላልኩም» ይመጣበታል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኢሜይል ነው። ለጫጩት አስፈልፋዮች የጻፍኩት ነው። ቃል በቃል ይኸው፦

«ጤና ይስጥልን። ባለፈው በስልክ እንደተነጋገርነው 500 የእንቁላል ጫጩት ለማዘዝ ፈልገን ነበርና ዝርያው ቦቫንስ ብራውን ስለመሆኑ ቢያረጋግጡልን። ዋጋው መጓጓዣን ይጨምር እንደሆነና ቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደሆነ ቢገለጽልን፣ እንዲሁም የማሬክስ ክትባት ወስደው የሚመጡ ስለመሆናቸው፣ የሚደርሱበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መቼ እንደሚውልና ከጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ብታሳውቁን ቤቱን ቀድመን ለማሞቅ ይረዳናል። መጋቢት ውስጥ ማድረስ ይቻላል? እናመሰግናለን።»

መልሱ በማግስቱ መጣ፦

«አዎ ይቻላል። በ12 እናደርሳለን። እናመሰግናለን።»

የካቲት መጨረሻ ላይ ነበርን። መልሱን ለአክስቴ አነበብኩላቸው። «መጋቢት 12 ይመጣሉ፣ እትዬ» አልኳቸው። ጋሼም ቤቱን አጥበው፣ በኖራ ቀብተው ለማድረቅ ከፋፍተው ተዉት። ገና ብዙ ቀን ነበረን።

መጋቢት 3 ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። «መኪናው ወጥቷል። ሱሉልታ ስንደርስ ማን ይቀበለናል?» የሚል ሹፌር ነበር። መልሱን የጻፈልኝ ሰው 12 ያለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ማርች 12 የእኛ መጋቢት 3 ናት። የእኛ መጋቢት 12 ደግሞ ማርች 21 ነው። መሃላቸው ዘጠኝ ቀን አለ።

ጫጩት ያረባ ሰው ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ይገባዋል። የአንድ ቀን ጫጩት የራሷን ሙቀት ገና መጠበቅ አትችልም። ቤቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ መሞቅ አለበት። ጫጩቷ በምትቆምበት ከፍታ ላይ ሙቀቱ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት። አየሩ ብቻ ሳይሆን ወለሉና ጉዝጓዙም መሞቅ አለባቸው። የእኛ ቤት በሩ ተከፍቶ ነፋስ ይመላለስበት ነበር። ጉዝጓዝ አልተነጠፈም። አምፖሎቹ ወርደው ጓዳ ተቀምጠዋል። የሱሉልታን ብርድ ደግሞ የቀመሰው ያውቀዋል።

አምስት ካርቶን መጣ፣ በእያንዳንዱ 100 ጫጩት። ጋሼ ከሰል ውጭ አቀጣጥለው ጭሱ ሲያልቅ እየተሸከሙ ያስገባሉ። አክስቴ ጉዝጓዝ ይነሰንሳሉ። እኔ አምፖል እሰቅላለሁ። ጫጩት ሲበርዳት ወደ ጓደኞቿ ትጠጋለች፣ ትደራረባለች፣ ከሥር ያለችው ትታፈናለች። ሌሊቱን በሙሉ በእጃችን እየበተንናቸው አደርን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 38 ሞቱ። አክስቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። የሞቱትን በላስቲክ ሰብስበው ሲያወጡ አየኋቸው፤ እሱ በቂዬ ነበር።

በመጀመሪያ የተናደድኩት በመለሰልኝ ሰው ነው። «በእኛ አቆጣጠር» ብዬ በግልጽ ጽፌለት የለም ወይ? አዎ፣ ጽፌአለሁ። ከቀናት በኋላ ግን ኢሜይሉን ከፍቼ እንደ ተቀባይ ሆኜ አነበብኩት። እስቲ እናንተም ወደ ላይ ተመለሱና የጥያቄ ምልክቱን ቁጠሩ። አንድ ነው። ጥያቄዎቹን ደግሞ ቁጠሩ። ዝርያ፣ መጓጓዣ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ክትባት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ መጋቢት ውስጥ መቻል አለመቻሉ። ሰባት ናቸው። ሰውየው የመለሰው የጥያቄ ምልክት ያለውን ነው። «አዎ ይቻላል» አለ። «በ12» የምትለዋን ከራሱ ጨመረልኝ። እሱ በሚያየው መንገድ ኢሜይሉ በትክክል ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ብዙ ኢሜይልም ጽፌበታለሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በአማርኛ ጥያቄ የሚደበቅበት የራሱ ምክንያት አለው። የእኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ነው የሚያልቀው። አንባቢው ጥያቄ መሆኑን የሚያውቀው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ከሆነ ችግር የለውም። እንደኔ አምስት ነገር በ«እንዲሁም» እና በ«እንደሆነና» ከተቀጣጠለ ግን፣ ግሱ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ነገር ከአእምሮው ወጥቷል። ትዝ የሚለው «ቤቱን ቀድመን ለማሞቅ ይረዳናል» የምትለው የመጨረሻዋ ሐረግ ናት። እሷ ደግሞ ጥያቄ አይደለችም።

ሁለተኛው የአክብሮት አጻጻፋችን ነው። «ቢገለጽልን»፣ «ብታሳውቁን»፣ «እንዲያረጋግጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን» እንላለን። ያደግንበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። በቃላቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ያምራሉ። ነገር ግን ጥያቄውን ወደ ልመና ይለውጡታል። ልመና ደግሞ ማንበብና ራስን መነቅነቅ ይበቃዋል። መልስ የግድ አይለውም። «ክትባት ወስደው የሚመጡ ስለመሆናቸው ብታሳውቁን» እና «የማሬክስ ክትባት ወስደዋል?» አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ግን መልስ ሳትሰጠው ልታልፈው ስትል ይይዝሃል።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም፤ የትም ያለ ነው። ከእኔ ጋር የሚጻጻፉት አብዛኞቹ ሰዎች ኢሜይል የሚያነቡት በስልክ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆነው፣ መጋዘን በር ላይ ቆመው። «መልስ» የሚለውን ሲነኩ የእኔ ጽሑፍ ወደ ታች ይወርዳል ወይም ከሦስት ነጥብ ጀርባ ይደበቃል። የቀረውን ስክሪን ኪቦርዱ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሚመልሱት ከትዝታ ነው። ልጅ ሆነን ሱቅ ስንላክ ሦስት ዕቃ ከሆነ እንይዘው ነበር። አምስት ከሆነ ስኳሩን ይዘን ሳሙናውን ረስተን እንመለሳለን። መልስ የሚጽፍልን ሰውም እንደዚያው ነው። ሰባት ጥያቄ በትዝታው ይዞ የሚመልስ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩት ግን ሌላ ስህተት ነበር። ሁሉንም ነገር በነጥብ መጻፍ ጀመርኩ።

ቀጣዩ ትዕዛዝ መኖ ነበር። ኢሜይሉን ስጨርስ 14 ጥቁር ነጥብ ተደርድሮ ነበር። «ባለፈው የወሰድነው ስታርተር ጥሩ ነበር» የሚል ነጥብ። «መንገዱ በክረምት ለትልቅ መኪና አይመችም» የሚል ነጥብ። «ስንት ኩንታል ድረስ በአንድ ጊዜ ታደርሳላችሁ?» የሚል ነጥብ። «ጓሯችን ውስጥ መጋዘን ሠርተናል» የሚል ነጥብ። ዓይኔን ሞላው፣ የተሟላ ሥራ መሰለኝ። መልሱ «ተቀብለናል፣ እንመለስበታለን» ነበር። ከሳምንት በላይ አልተመለሱበትም።

ደውዬ ስጠይቅ ያገኘኋት ልጅ በቅንነት ነገረችኝ። «ወንድሜ፣ ሳየው ፎርም መሰለኝ። ቁጭ ብዬ እሞላዋለሁ ብዬ አቆየሁት።» ይህ አባባሏ ብዙ አስተማረኝ። ነጥብ ሲበዛ ተቀባዩ ነገሩን ለደህና ጊዜ ያስቀምጠዋል። ደህና ጊዜ ደግሞ አይመጣም። ከዚህም በላይ ነጥቦቹ መረጃውንና ጥያቄውን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሰዋቸው ነበር። ከ14ቱ መልስ የሚፈልጉት አምስት ብቻ ነበሩ። እነሱን ከመሃል ፈልጎ የማውጣቱን ሥራ ለእሷ ነው የተውኩላት።

ስለዚህ አሁን የምከተለው አንድ ደንብ አለ። ቁጥር የምሰጠው መልስ ለሚፈልግ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በተለመደው ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በኢሜይሉ ውስጥ ቁጥር የያዘ መስመር ካለ ጥያቄ ነው፤ ቁጥር ከሌለው ተነቦ የሚታለፍ ነው። ይህን ተቀባዩ ማንም ሳይነግረው በአንድ እይታ ይረዳዋል። ጥቁር ነጥቡን ግን ለጥያቄ ጨርሶ ትቼዋለሁ። ነጥብ ስም የለውም። መልስ ሰጪው «ሦስተኛው ነጥብ ላይ ያልከው» ብሎ መቁጠር አለበት። ቁጥር ሲሆን «2፦ አዎ» ብሎ ይገላገላል።

በፊደል መደርደርንም ሞክሬዋለሁ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። አንድ ቀን የመኖ ሻጩ ኢሜይሌን ከፍቶ በስልክ ሲመልስልኝ «ሐ ላይ ያልከው አይቻልም» አለኝ። ሃሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ አልለየሁም። ስንናገራቸው አንድ ናቸው። መልሼ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ 1፣ 2፣ 3 ነው የምጽፈው።

ቁጥሩንም በእጄ ነው የምተይበው። የኢሜይሉ ራሱን የሚቆጥር ዝርዝር ለመልስ አይመችም። ተቀባዩ ከጥያቄ 1 ሥር መልሱን ሊጽፍ አዲስ መስመር ሲከፍት፣ ፕሮግራሙ የእሱን መልስ 2 ብሎ ይቆጥረዋል። የእኔ 2 ደግሞ 3 ይሆናል። እንዲህ ተዛንፎ የተመለሰ ኢሜይል ደርሶኛል። «4፦ አዎ» የሚለው የየትኛው መልስ እንደሆነ ለማወቅ ከላከው ሰው ጋር ስልክ ላይ ቆይተናል። ፕሮግራሙ በራሱ ወደ ዝርዝር ከቀየረብኝ ወዲያው «Ctrl+Z» እጫናለሁ፤ ቁጥሩ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልግባ። ሰባት ጥያቄ ካለኝ ሰባቱንም ቁጥር እሰጣለሁ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ መቀነስ ነው። በተቻለኝ መጠን ከአራት አላስበልጥም። ይህ የተጻፈ ሕግ ሆኖ አይደለም። በስልክ የሚመልስ ሰው አራቱን ሲይዝ፣ አምስተኛውን ሲያወርድ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

ያንን የጫጩት ኢሜይል እንደገና አብረን እንጻፈው። ከዓመት በኋላ ሁለተኛውን 500 ስናዝዝ ያደረግኩት ይህንን ነው።

«መጋቢት ውስጥ ይቻላል?» እና «ቀኑ መቼ ነው?» አንድ ጥያቄ ናቸው። ቀኑን ከነገሩኝ መቻሉንም ነግረውኛል። እንዲያውም የመጀመሪያዋ ጥያቄ ነበረች ጉዱን ያመጣችው። ቀላል ስለሆነች መልሱን ሁሉ ወሰደችው። አንድ ሰው ብዙ ጥያቄ ሲቀርብለት በ«አዎ» የምታልቀውን ይመርጣል፤ ከመለሳት በኋላ የመለሰ ይመስለዋል። ስለዚህ እሷን አወጣኋት።

ጠዋት ወይስ ከሰዓት የሚለው ከቀኑ ጋር ይሄዳል። መልሱ አንድ ላይ የሚመጣ ከሆነ ጥያቄውም አንድ ላይ መሆን ይችላል። ግን መልሱ ምን መምሰል እንዳለበት ማሳየት አለብኝ። «መቼ ትደርሳላችሁ?» ካልኩ «በ12» ይመጣል። ወይም «3 ሰዓት ላይ» ይባልና በእኛ ይሁን በፈረንጅ ደግሞ እንጠራጠራለን። ስለዚህ ምሳሌውን ጥያቄው ውስጥ እከትታለሁ። ወሩን በስሙ፣ ቀኑን ከነዕለቱ፣ ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር። ዕለቱ ትልቅ ጥቅም አለው። «ሐሙስ፣ መጋቢት 12» ብሎ የጻፈ ሰው ካላንደር ሳያይ አይጽፍም። ዕለቱና ቀኑ ካልገጠሙ ስህተቱ ሳይውል ሳያድር ይታያል።

መጓጓዣውና ቅድሚያ ክፍያው ሁለት የገንዘብ ጥያቄ ናቸው። የመጀመሪያውን ወደ አንድ አኃዝ ቀየርኩት። «ዋጋው ስንት ነው፣ መጓጓዣን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?» ከማለት ይልቅ «ሱሉልታ ድረስ ማድረሻን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ብር ነው?» አልኩ። የሚመለሰው አንድ ቁጥር ነው። «ወይስ» ያለበት ጥያቄ «አዎ» ተብሎ ሲመለስ ያየ ሰው ይህን ለምን እንዳደረግኩ ይገባዋል። ቅድሚያ ክፍያውን ደግሞ ከኢሜይሉ አወጣሁት። ዋጋው ሳይታወቅ የሚከፈል ነገር የለም፤ ከዋጋው በኋላ በራሱ ኢሜይል ይጠየቃል። መልሱ በሌላ መልስ ላይ የሚንጠለጠል ጥያቄ ተራውን ቢጠብቅ ምንም አይጎዳም።

ክትባቱ ለብቻው ቆመ። የማሬክስ ክትባት ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን እዚያው ማስፈልፈያው ውስጥ ነው የሚሰጣት፣ አንገቷ ላይ ከቆዳ ሥር በመርፌ። የፈንግልንና የጉምቦሮን እኛም በኋላ በውሃ እንሰጣለን። ማሬክስ ግን ካመለጠ አመለጠ። ግቢያችን ከደረሱ በኋላ ብንወጋቸው የሚጠብቃቸውን ያህል አይጠብቃቸውም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት መልስ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ቁጥር 1 አደረግኩት። መልስ የሚሰጥ ሰው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፤ መሃል ላይ ስልክ ቢጠራበት የሚቀረው የታችኛው ነው። የማይቀረውን ከላይ ማድረግ ብልህነት ነው።

የጻፍኩት ይህን ነበር። የርዕሱ መስመር «የ500 ጫጩት ትዕዛዝ፣ 4 ጥያቄ» ይላል።

«ጤና ይስጥልን። ለመጋቢት 500 የእንቁላል ጫጩት ልናዝዝ ነው። ቤቱን ከመድረሳቸው አንድ ቀን በፊት ማሞቅ ስላለብን፣ ከማዘዛችን በፊት የእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ያስፈልገናል። በቁጥሩ ብቻ ቢመልሱልኝ ይበቃል።

1. ጫጩቶቹ የማሬክስ ክትባት ተወግተው ነው የሚመጡት?
2. ሱሉልታ የሚደርሱት መቼ ነው? (ዕለትና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓትም በሀገራችን። ለምሳሌ፦ ሐሙስ መጋቢት 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት)
3. ሱሉልታ ድረስ ማድረሻን ጨምሮ የ500ው ጠቅላላ ዋጋ ስንት ብር ነው?
4. የሚልኩልን ዝርያ ምንድን ነው?

እስከ ዓርብ ብትመልሱልኝ ቅዳሜ ገንዘቡን እናዘጋጃለን። ከልብ እናመሰግናለን።»

እዚህ ውስጥ አንድ ሁለት ነገር ላሳያችሁ። ከዝርዝሩ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለም። በፊት «ለመሆኑ ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?» የምትል ከምስጋናው በፊት ትገባብኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ያለች ጥያቄ ቁጥር ባይኖራትም ትመለሳለች፤ ቁጥር ያላቸው ግን በእሷ ይሸፈናሉ። ሌላው ቁጥሩን ሁለት ቦታ መናገሬ ነው፣ በርዕሱና በመግቢያው። ሰውየው ሦስት መልሶ ሲጨርስ አንድ እንደቀረው ያውቃል። አክስቴ ገበያ ሲልኩኝ ጣታቸውን እያጠፉ «አራት ነገር ነው፣ አራት» ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ አራተኛውን ረስቼባቸው አላውቅም።

ምክንያቱንም ነግሬያለሁ። «ቤቱን ማሞቅ ስላለብን» የምትለው ግማሽ መስመር ናት። ግን ያ መልስ ሰጪ ቀኑ ቢቀየር ዝም እንዳይል ታደርገዋለች። ምክንያቱን ነጥብ አድርጌ ብቻዋን ባቆማት ኖሮ ከጥያቄዎቹ ትነጠል ነበር። «ስለ» የምትለዋ ቃል ናት የምታያይዛቸው። ነጥብ እንደዚህ ዓይነቱን ማያያዣ ቆርጦ ይጥላል። ሐሳብና ምክንያት ያለበትን ነገር በነጥብ የማልጽፈው ለዚህ ነው።

ከመላኬ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ራሴን በዚያ ሰው ቦታ አድርጌ መልሱን በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። «1. አዎ 2. ... 3. ... 4. ...» እያልኩ። አንዱ ቁጥር ላይ አብሮ የማይሄድ ሁለት ነገር መጻፍ ካስፈለገኝ ጥያቄው ሁለት ነው ማለት ነው። አንዱ ላይ «እንደ ሁኔታው» ብዬ ልመልስ ከቻልኩ ጥያቄው ገና አልጠበበም። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥር የማይሆንበት ቦታም አለ። ጥያቄው አንድ ከሆነ ቁጥር አያስፈልገውም፤ ለብቻው መስመር ላይ ማቆም ይበቃዋል። መልሱ ረጅም ሐሳብ ከሆነም አይሆንም። ስለ 38ቱ የጻፍኩት ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ «1. ለምን ቀኑን አላረጋገጣችሁም? 2. ኪሳራውን ማን ይሸፍናል?» ብዬ ጀምሬ ነበር። አክስቴ አንብቤላቸው «ልጄ፣ ይሄ የፖሊስ ጥያቄ ነው። ነገም ከእነሱ ነው የምንገዛው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቁጥር የተደረደረ ቅሬታ ሰውን ችሎት ፊት ያቆመዋል። ደመሰስኩትና የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ አስቀመጥኩ። ከዚያ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ የተወሰነ ቅናሽ አደረጉልን።

ለሐኪማችንም በቁጥር አልጽፍላቸውም። በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዶሮዎቹ ሲታመሙ ያየሁትን ሁሉ እተርክላቸዋለሁ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ጥያቄውን የሚያወጡት። እኔ በቁጥር ብጠይቃቸው የጠየቅኩትን ብቻ ይመልሱልኛል። መጠየቅ የነበረብኝን ሳላውቀው ይቀራል።

ጥያቄዎቹን የሚመልሱት የተለያዩ ሰዎች ከሆኑም አንድ ዝርዝር አይበቃም። ክትባቱን የሚያውቀው ማስፈልፈያው ውስጥ ያለው ባለሙያ ነው። ቀኑን የሚያውቀው መኪና መዳቢው ነው። አንድ ሰው ሁለቱን ጠይቆ እስኪመልስ ሦስተኛውም ይዘገያል። የማን መሆኑን ካወቅኩ ለየብቻ እጽፋለሁ፤ ካላወቅኩ ግን «ያወቁትን አሁን ይመልሱልኝ፣ የቀረውን በኋላ» የምትል መስመር እጨምራለሁ። ይህች መስመር ብዙ ጊዜ አትርፋልኛለች። አለበለዚያ ሰው አንዱን ስለማያውቅ ሦስቱንም ይዞ ይቀመጣል።

ለዚያ ኢሜይል መልሱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ።

«1. እሱን ባለሙያውን ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ።
2. ማክሰኞ መጋቢት 17፣ ጠዋት 4 ሰዓት።
3.
4. ቦቫንስ ብራውን።»

ሦስተኛው ባዶ ነበር። ቁጥሩን ጽፎ መልሱን ረስቶታል። ባዶው ቁጥር ግን እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር፣ ለእኔም ለእሱም የሚታይ። «ቁጥር 3 ብቻ ቀርታለች» ብዬ ጻፍኩለት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዋጋው መጣ። በነጋታው የክትባቱን መልስ ከነቀኑ ላከልኝ።

ካላንደሩን አይቼ መጋቢት 17 ማክሰኞ መሆኑን አረጋገጥኩ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ጉዝጓዙን አነጠፉ፣ አምፖሎቹን አበሩ፣ ማጠጫዎቹን ሞሉ። ማታ ላይ አክስቴ ቴርሞሜትሩን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገው ሰቀሉትና ፋኖስ ይዘው ጎንበስ ብለው አነበቡ። «33 ሆኗል» አሉኝ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።